የ30 ሰከንድ ታሪክ በስድስት ሾት፦ ስለ ሾት ሊስትና ተያያዥ ፕሮምፕቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው፤ ግርግር የሚለው የስፌት መኪናቸው ነው። በኤአይ የቪዲዮ መሥሪያ የ30 ሰከንድ ታሪክ ልሠራ ስነሳ ይህን መንገድ መረጥኩ። ታሪኩ ይህን ያህል ነው። አንዲት ተማሪ የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶባት ወደ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ትሮጣለች። ሽማግሌው ይሰፉላታል። ሳንቲም ስትዘረጋላቸው አይቀበሉም። ከሄደች በኋላ ግን በእጇ ይዛው የነበረው ብርቱካን የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ቪዲዮውን ካሳየሁ በኋላ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሾት የምለው ሳይቆረጥ የሚታየውን አንድ የቪዲዮ ቁራጭ ነው፤ ሾት ሊስት የእነዚህ ቁራጮች ዝርዝር፣ ፕሮምፕት ደግሞ ለመሣሪያው የሚጻፍለት መግለጫ ነው። መልሱ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ልጅና በቦርሳዋ ዙሪያ ነው።

ታሪኩን በአንድ ረጅም ፕሮምፕት ጽፌ ለምን አልጨርሰውም?

ብዙዎቹ የቪዲዮ መሥሪያዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጡት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ነው። ረዘም ያለ የሚሰጥ ብታገኙ እንኳ ሌላ ችግር አለ። ሩጫውን፣ ስፌቱን፣ ሳንቲሙንና ብርቱካኑን በአንድ አንቀጽ ስታጭቁት መሣሪያው አንዱን ይዘላል፣ ሌላውን ያቀላቅላል። የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ ልጅቷ እየሮጠች ስትሰፋ አይቻታለሁ።

ስለዚህ አንድ ሾት፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ የካሜራ እንቅስቃሴ። "ቀና አሉ" አንድ ድርጊት ነው። "ቀና ብለው አይተዋት ቦርሳውን ተቀብለው መስፋት ጀመሩ" ግን አራት ነው፤ በ5 ሰከንድ አያልቅም።

30 ሰከንድ ስንት ሾት ይይዛል?

እኔ ስድስት ላይ ረግቻለሁ። ርዝመታቸው ግን እኩል አይደለም። ተመልካች ቦታውን የሚያውቅበት የመጀመሪያው ሾትና ብርቱካኑን የሚያይበት የመጨረሻው 6 ሰከንድ ሰፊ ጊዜ ያገኛሉ። የፊት ምላሽ ብቻ ያለበት ሾት 4 ሰከንድ ይበቃዋል።

ሊስቱ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ታሪኩ ውስጥ የሚገባውን ርዝመትና መሣሪያው የሚሰጣችሁን ርዝመት። ክሊፖች ብዙ ጊዜ ሲጀምሩ ግማሽ ሰከንድ ያህል ደንዝዘው ይቆማሉ፣ መጨረሻቸውም ላይ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ያ ተቆርጦ ይወጣል። መሣሪያችሁ 5 ሰከንድ ብቻ ከሆነ የሚሰጠው፣ ከእያንዳንዱ ክሊፕ 4 ሰከንድ ተኩል ታገኛላችሁ ብላችሁ አስቡና ሾቶቹን ሰባት አድርጓቸው።

ሙሉ ሊስቱን ማየት እንችላለን?

ይኸው። መጀመሪያ እንደ ሠንጠረዥ ሳይሆን እንደ ወግ ነው የምጽፈው።

ሾት 1፣ 6 ሰከንድ። ከሩቅ። ልጅቷ በጠባቡ መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ ትሮጣለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች፣ በግራ እጇ ብርቱካን ይዛለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም።

ሾት 2፣ 4 ሰከንድ። ከወገብ በላይ። ልብስ ሰፊው በስፌት መኪናቸው ጀርባ፣ በምስሉ ቀኝ በኩል፣ ፊታቸውን ወደ ግራ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀና ይላሉ።

ሾት 3፣ 5 ሰከንድ። በጣም ከቅርብ። እግራቸው ፔዳሉን ይረግጣል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና የሚሽከረከረው ጎማ ላይ ይቆማል።

ሾት 4፣ 5 ሰከንድ። ከደረት በላይ። ልጅቷ፣ በምስሉ ግራ በኩል፣ ወደ ቀኝ እያየች መዳፏን ትዘረጋለች። መዳፏ ላይ ሁለት ሳንቲም አለ። ብርቱካኑ በሌላው እጇ ነው።

ሾት 5፣ 4 ሰከንድ። ፊታቸው ብቻ። ልብስ ሰፊው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሾት 6፣ 6 ሰከንድ። ብርቱካኑ ከፊት ለፊት፣ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ። ከኋላ፣ ብዥ ባለው መንገድ፣ ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለች።

ብርቱካኑን ስታስቀምጥ የሚያሳይ ሾት እንደሌለ ልብ በሉ። ሾት 4 ላይ እጇ ውስጥ ነው፣ ሾት 6 ላይ ጠረጴዛው ላይ ነው። መሀሉን ተመልካቹ ይሞላዋል። ይህ እንዲሆን ግን ብርቱካኑ ከሾት 1 ጀምሮ መታየት አለበት። እንዲያው በመጨረሻ ብቅ ካለ ሽማግሌው ለምሳ የያዙት ነው የሚመስለው።

ሾቶቹ የአንድ ታሪክ እንዲመስሉ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሾት 4ን ስትጽፉ መሣሪያው ሾት 1ን አያውቀውም። "ያቺው ልጅ" ብትሉት የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሌላ ልጅ፣ ሌላ ቦርሳ፣ ሌላ መንገድ ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ ፕሮምፕት ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

መፍትሔው ሦስት ቋሚ አረፍተ ነገር ማዘጋጀትና በየሾቱ ሳይነኩ መለጠፍ ነው። የእኔዎቹ እነዚህ ነበሩ።

ልጅቷ፦ "ዕድሜዋ 9 ዓመት የሆነ ኢትዮጵያዊት ልጅ፣ ፀጉሯ ለሁለት የተጎነጎነ፣ ጥቁር ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች፣ ቀይ የጨርቅ ቦርሳ የያዘች።"

ልብስ ሰፊው፦ "ዕድሜያቸው 70 ገደማ የሆነ ኢትዮጵያዊ ልብስ ሰፊ፣ አጭር ነጭ ጢም፣ ነጭ የክር ቆብ፣ ቡኒ ሰደርያ፣ አንገታቸው ላይ ቢጫ ሜትር።"

ቦታው፦ "ጠባብ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ በቀላል አረንጓዴ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ባለ ፔዳል ጥቁር የስፌት መኪና፣ ከግራ የሚገባ ዝቅ ያለ የጠዋት ፀሐይ፣ ረጅም ጥላ።"

"ሳይነኩ" ያልኩት በቁም ነገር ነው። ጥቁር ሰማያዊ ያላችሁትን ሹራብ ሾት 4 ላይ "ሰማያዊ" ብቻ ብትሉት ቀለሙ ይቀየራል። ትምህርት ቤት ድግግሞሽ አስቀያሚ ነው ተብለን ስላደግን እጃችን ቃል ካልቀየርኩ ይላል። እዚህ ግን ድግግሞሹ ነው የሚፈለገው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም ወድቄበታለሁ። መጀመሪያ የልጅቷ መግለጫ ውስጥ "ማንገቻው የተበጠሰ ቀይ ቦርሳ" ብዬ ነበር። ያንኑ ለሾት 6 ለጠፍኩት። ሽማግሌው ሰፍተው የመለሱላት ቦርሳ እንደገና ተበጥሶ መጣ! በታሪኩ ውስጥ የሚለወጥ ነገር ከቋሚው አረፍተ ነገር ይውጣ። አሁን "ማንገቻው ተበጥሶ የተንጠለጠለ" የሚለው ሾት 1 ላይ ብቻ ይጨመራል፣ "ማንገቻው ትከሻዋ ላይ ያለ" የሚለው ደግሞ ሾት 6 ላይ።

መሣሪያችሁ ምስል የሚቀበል ከሆነ ለልጅቷና ለልብስ ሰፊው መጀመሪያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥሩ ምስል ሥሩና በየሾቱ አያይዙት። ፊት በቃል ብቻ አይጸናም። የመንገዱን ሰው ፎቶ አንስታችሁ ግን አታስገቡ። አባባ ፊታቸው ያላሉትን ሲያደርግ ቢያዩ ምን እንደሚሉ አስቡት፤ ፎቷቸውን መጠቀም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቋቸው።

በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ሊስቱን በአማርኛ፣ የሚለጠፈውን ፕሮምፕት በእንግሊዝኛ። መሣሪያዎቹ የተማሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መግለጫ ስለሆነ ያንን የበለጠ ይታዘዛሉ። ታሪኩን ግን በምታስቡበት ቋንቋ ካልጻፋችሁት ይደርቃል።

ችግሩ መሀል ላይ፣ ትርጉሙ ላይ ነው። አማርኛን በቀጥታ ወደ ተርጓሚ ስታስገቡ የሚያመጣውን ሳታነቡ አትለጥፉ። "ሰፊው ቀና አለ" ብዬ ነበር፤ ሰፊ ማለት ትልቅ ስፋት ያለው ነገርም ነውና ልብስ ሰፊው ጠፍቶ "ወርዱ የሰፋ" ነገር ሆኖ ተመለሰ። "መኪናው ላይ ብርቱካን አለ" ደግሞ ብርቱካኑን አውቶሞቢል ጣሪያ ላይ አስቀመጠው። ሐረር ውስጥ አሮጌ ፔጆ ታክሲ ብርቅ ስላልሆነ ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝም ነበር። ሁልጊዜ "ልብስ ሰፊ"፣ ሁልጊዜ "የስፌት መኪና" በሉ።

ሦስተኛው ችግር የሰዓት አጻጻፍ ነው። "ጠዋት 2 ሰዓት" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሌሊት ይሆንባችኋል፤ የእኛ ሁለት ሰዓት ለእነሱ ስምንት ነው። ጭራሽ ሰዓት አትጻፉ። ብርሃኑን ጻፉ፦ ፀሐዩ ከየት እንደሚገባ፣ ጥላው ረጅም ይሁን አጭር።

አራተኛው የግሡ ነገር ነው። እኛ "ትሮጣለች" ብለን እንጨርሳለን፣ ማን እንደሆነች ከግሡ ይገባናል። ፕሮምፕት ላይ ግን ባለቤቱ በግልጽ ይጻፍ። ሾት 4 በመጨረሻ እንዲህ ሆነ።

```
Medium close-up, static camera. A nine-year-old Ethiopian
girl, hair in two braids, dark navy school sweater, holding
a red cloth bag. She stands on the left of frame, looking
right. She opens her right palm, two coins on it. An orange
in her left hand. Narrow stone-paved alley, pale green
limewashed wall, black treadle sewing machine, low morning
sun from the left, long shadows.
```

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የሾቱ መጠንና ካሜራው፣ ከዚያ ሰውየው፣ ከዚያ ድርጊቱ፣ በመጨረሻ ቦታውና ብርሃኑ። ስድስቱም በዚህ ቅደም ተከተል ከተጻፉ የጎደለውን በዓይን ታገኙታላችሁ።

"ሐረር" ብዬ ጽፌ የሌላ አገር ከተማ የመጣብኝ ለምንድን ነው?

የከተማውን ስም በደንብ ስለማያውቀው በሚያውቀው ይተካዋል። ግንብ፣ ጠባብ መንገድ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይሸሻል። ቅስት በር፣ የሰድር ጌጥ፣ ረጅም ካባ ካያችሁ እዚያ ገብታችኋል ማለት ነው። ስሙን ተዉትና የሚታየውን ንገሩት፦ የኖራው ቀለም፣ የድንጋይ ንጣፉ፣ ደጃፍ ላይ የወጣው የስፌት መኪና፣ የተንጠለጠለው ጨርቅ። ድሬዳዋም እንዲሁ ነው። የሰፈሩን ስም "ከዚራ" ብትሉት ምንም አያውቅም፤ ዛፍ ያጠላበት ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድና ሰማያዊ ባጃጅ ብትሉት ይቀርባል።

"ቅስት አይኑር፣ ቱሪስት አይኑር" ማለት ብዙ ጊዜ አይረዳም። የጠቀሳችሁትን ነገር ይስለዋል። ባዶ መንገድ ከፈለጋችሁ "ባዶ መንገድ" በሉ።

ልጅቷ ስትሄድ ተመልሳ የመጣች የምትመስለው ለምንድን ነው?

አቅጣጫ ስላልጻፋችሁ። ሾት 1 ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ከሮጠች፣ ልብስ ሰፊው ያሉት በቀኝ በኩል ነው፤ ስለዚህ እሳቸው ወደ ግራ ማየት አለባቸው፣ እሷ ወደ ቀኝ። ሁለቱም ወደ ቀኝ የሚያዩ ከሆነ ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ። ስትመለስ ደግሞ በመጣችበት፣ ከቀኝ ወደ ግራ። የቀረጻ ባለሙያዎች በሁለቱ ሰዎች መካከል አንድ መስመር ያሰምሩና ካሜራው ያን መስመር እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። እናንተ ካሜራ የላችሁም፤ መስመሩን የምትጠብቁት "ግራ" እና "ቀኝ" በሚሉት ቃላት ነው። ወረቀት ላይ ከላይ የታየ ካርታ ሣሉ፣ ሁለት ክብና አንድ ቀስት ይበቃል።

መሣሪያው ግራና ቀኝን አንዳንዴ ያዛባል። ክሊፑ ሌላው ሁሉ ጥሩ ሆኖ አቅጣጫው ብቻ ከተገለበጠ ኤዲቲንግ ላይ አገላብጡት። ፀሐዩም አብሮ እንደሚገለበጥ ግን አትርሱ።

ሲሰፉ ማሳየት አልቻልኩም፣ ጣታቸው ይበላሻል። ምን ላድርግ?

አታሳዩ። መርፌ፣ ክር፣ ጨርቅና አሥር ጣት በአንድ ቅርብ ሾት ለእነዚህ መሣሪያዎች ከባድ ነው። ጣቱ ከጨርቁ ጋር ይዋሃዳል፣ መርፌው ጣት ውስጥ ይገባል። ሾት 3 መጀመሪያ እንዲያ ነበር፤ ከዘጠኝ ሙከራ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ወደ ፔዳሉና ወደ ጎማው ወረድኩ። እግር ፔዳል ሲረግጥና ጎማ ሲሽከረከር ያየ ሰው መስፋታቸውን ያውቃል።

ሾት 5ም እንደዚሁ ተለውጧል። መጀመሪያ ያሰብኩት ሽማግሌው መዳፏን በእጃቸው መልሰው ሲያጥፉላት ነበር። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ሁለት እጅ ሲነካካ ግን የማን ጣት የማን እንደሆነ ይጠፋል፣ ሳንቲሙም ሦስት ይሆናል። ራሳቸውን መነቅነቃቸው ያንኑ ይናገራል። ሊስት ስትጽፉ እያንዳንዱን ሾት "ሁለት ሰው ይነካካሉ ወይ? ጣት ጥቃቅን ሥራ ይሠራል ወይ?" ብላችሁ ፈትሹት። አዎ ከሆነ፣ ድርጊቱን ትታችሁ ውጤቱን አሳዩ።

የአንዱን ሾት የመጨረሻ ፍሬም ለቀጣዩ መነሻ ባደርገውስ?

ጥሩ ዘዴ ነው፣ በቦታው ከተጠቀሙበት። ድርጊቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የካሜራ ማዕዘን የሚቀጥል ከሆነ ይሠራል። ለምሳሌ ሾት 1 በ5 ሰከንድ አላልቅ ቢላችሁ የሩጫውን ሁለተኛ አጋማሽ እንዲህ መቀጠል ይቻላል። ከልጅቷ ወደ ልብስ ሰፊው ፊት ስትቆርጡ ግን አይሠራም፤ መሣሪያው አንዱን ፊት ወደ ሌላው ሊያቀልጠው ይሞክራል።

ፍሬሙን ስክሪን ሹት አታንሱ፣ ጥራቱ ይወርዳል። ኮምፒውተር ላይ ffmpeg የሚባለውን የቪዲዮ ፕሮግራም ከጫናችሁ ይህ ትእዛዝ ያወጣዋል።

```
ffmpeg -sseof -1 -i shot1.mp4 -update 1 -q:v 1 last.jpg
```

ከሁለት ጊዜ በላይ አትቀጥሉበት። እያንዳንዱ ቅብብሎሽ ትንሽ ስህተት ያሳልፋል፤ ሦስተኛው ላይ ቀለሙ እየጋመ ይሄዳል፣ ቆዳው ፕላስቲክ ይመስላል፣ ፊቱም የሌላ ሰው ይሆናል። ሾት 1ንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ከፍታችሁ ካያችሁት ወዲያው ይታወቃል። ያኔ ወደ መጀመሪያው ምስል ተመለሱ።

አንድ ሾት ስንት ጊዜ ልሞክር?

እስከ አራት። በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ምን እንደቀየራችሁ ሊስቱ ጎን ጻፉ። አራት ጊዜ በአንድ ቦታ ከተበላሸ ፕሮምፕቱን ሳይሆን ሾቱን ቀይሩት። ዘጠኝ ጊዜ የሞከርኩት እኔ ነኝ፣ እናንተ አትድገሙት።

የሱቁን ስም በአማርኛ ግድግዳው ላይ ማስጻፍ ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፣ የሚነበብ ግን አይደለም። ግድግዳውን ባዶ አድርጉና ጽሑፉን ኤዲቲንግ ላይ ጨምሩ። ካሜራው የማይንቀሳቀስበት ሾት ላይ ይቀላል።

ድምፁስ?

ከሊስቱ አይውጣ፣ በራሱ መስመር ይጻፍ። እኔ ቪዲዮው ይዞት የመጣውን ድምፅ ሁሉ አጠፋሁት፤ በየሾቱ ሌላ ዓይነት ስለሚሆን የተቆረጠበትን ቦታ ያጋልጣል። በስልኬ መኪና ግርግር ሄጄ፣ አስፈቅጄ፣ አንድ ደቂቃ የስፌት መኪና ድምፅ ቀዳሁ። ከዚያ 30 ሰከንዱን ሳልቆርጥ በስድስቱም ሾት ሥር አነጠፍኩት። ሾት 1 ላይ ዝቅ ብሎ ከሩቅ ይሰማል፣ ሾት 3 ላይ ከፍ ይላል፣ ሽማግሌው ራሳቸውን ሲነቀንቁ እሳቸው መስፋት ስላቆሙ የቅርቡ ይቆምና የጎረቤቶቹ ብቻ ይቀራል። ብርቱካኑ ሲታይ ያ የጎረቤት ድምፅ ነው ያለው።